በብርጭቆ ውስጥ ያለው የድኝ ጭስ

(የክብሪት መጫር ድምፅ)

አሁን የሰማችሁት ክብሪት ሲጫር ነው። ሽታው በሬዲዮ አይደርሳችሁም፤ ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሳቱ ቦግ ሲል አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ጠጋ ብሎ የሳበውን ሰው የሚያስል ሽታ ነው። ክብሪቱ ጫፍ ላይ ያለው ድኝ ሲቃጠል የሚወጣው ይህ ጋዝ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚሁ ጋዝ ነው፤ የምናገኘው ግን ክብሪት ላይ ሳይሆን መጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ነው።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ጊዜው ጥር ነው እንበል፤ ደብረ ማርቆስ ሰርግ የበዛበት፣ ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ማታ ማታ አጥንት የሚሰብርበት ወቅት። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ያለባት አንዲት እህት ዳስ ውስጥ ተቀምጣለች። ጠላ ቀመሰች፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያ ከከተማ የመጣ ዘመድ ጣፋጭ ነጭ ወይን ጠጅ በብርጭቆ ቀዳላት። ሁለት ጊዜ ጎንጨት እንዳለች ሳል ያዛት። አጠገቧ ያሉት «ትን ብሏት ነው» አሉ፤ ውኃም አቀበሏት። ሳሉ ግን አልቆመም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደረቷ ታፈነ፣ ትንፋሿም ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ከቦርሳዋ ፓፍ አውጥታ ሳበችና ቀስ በቀስ ተመለሰች። በማግስቱ አንዱ «ዓይን ነው»፣ ሌላው «ብርዱ ነው»፣ ሦስተኛው «መጠጥ አይስማማትም» አለ። ጠላውም መጠጥ ነበር፤ እሱ ግን አልነካትም። ታዲያ የወይኑ ልዩነት ምንድን ነው?

እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ስለ ምግብ ማቆያ ትንሽ ልንገራችሁ። ምግብና መጠጥ የሚበላሸው እርሾ፣ ሻጋታና ባክቴሪያ ስለሚራቡበት ነው። እናቶቻችን ይህን በራሳቸው መንገድ ሲከላከሉት ኖረዋል። ጋኑን በወይራ ያጥናሉ፣ ጠላውን በጌሾ ያመርሩታል፣ ሥጋውን በጨውና በበርበሬ አሽተው ቋንጣ ያደርጉታል። ፋብሪካም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ በወይራና በጌሾ ፋንታ ግን ተለክቶ የሚጨመር ዱቄት ይጠቀማል። ከእነዚህ ዱቄቶች ሁለት ቤተሰቦች በብዛት ያጋጥሙናል። አንደኛው ቤንዞዌት፣ ሁለተኛው ሰልፋይት ይባላል።

ቤንዞዌት የለስላሳ መጠጥ ማቆያ ነው። በለስላሳ ጠርሙስ፣ በካቻፕና በማርማላታ መለያ ላይ ሶዲየም ቤንዞዌት የሚለውን ታገኙታላችሁ። የቤንዞይክ አሲድ ወገን በተፈጥሮም አለ፤ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቀረፋ ራሱ ይዞታል። የሚሠራው ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ኮምጣጣ መጠጥ ውስጥ ሲገባ መልኩን ለውጦ የእርሾውን ግድግዳ አልፎ ይገባል። ውስጥ ሲደርስ አሲዱን ይለቃል። እርሾውም ያንን አሲድ ወደ ውጭ ሲገፋ ጉልበቱን ይጨርስና መራባት ያቅተዋል። ወተት ውስጥ ቢጨመር ግን እምብዛም ጥቅም የለውም፤ ወተት አይኮመጥጥምና። እኛ የጠጣነውን ቤንዞዌት ጉበታችን ከአንድ የፕሮቲን ቅንጣት ጋር አጣምሮ በሽንት ያስወጣዋል።

ሰልፋይት ደግሞ ብዙ ሥራ ያለው ነው። እርሾና ባክቴሪያን ያቆማል፤ በዚያ ላይ የተላጠ ድንች ወይም የተቆረጠ ፖም እንዳይጠቁር ያደርጋል። ድንች ልጣችሁ ውኃ ውስጥ ሳትነክሩ ብትተዉት እንዴት እንደሚጠቁር ታውቃላችሁ። ሰልፋይት ያንን የሚያጠቁረውን ኢንዛይም ያስቆመዋል። ለዚህም ነው ከውጭ የሚመጣው የደረቀ አፕሪኮት ብርቱካናማ መልኩን ሳይለቅ የሚቆየው። ዘቢብም እንዲሁ ነው። በፀሐይ ብቻ የደረቀው ዘቢብ ይጠቁራል፤ ወርቃማ ሆኖ የሚሸጠው ግን ብዙውን ጊዜ በድኝ ጋዝ የታጠነ ነው። የወይን ጠጅ ጠማቂዎች ከጥንት ጀምሮ በርሜላቸው ውስጥ ድኝ ያነዱ ነበር። ነገሩ የእኛን ጋን ማጠን ይመስላል፤ ጭሱ ግን ከወይራ ሳይሆን ከድኝ ነው። ዛሬ ሜታባይሰልፋይት የሚባል ነጭ ዱቄት ይጨምራሉ፤ ከወይኑ ጋር ሲገናኝ ያንኑ ጋዝ ይሰጣል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ማቆያዎች ጉልበት የሚያገኙት ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኙ ነው። ቤንዞዌት ግን ኮምጣጣ ውስጥም ቢሆን መጠጡ ውስጥ ይቀራል፤ ትውጡታላችሁ፣ ወደ ሆድ ይወርዳል። ሰልፋይት ኮምጣጣ ሲያገኘው ከፊሉ ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዝ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ብርጭቆውን ወደ አፍ ስናስጠጋ ከመጠጡ ላይ ይነሳል፤ አፋችን ውስጥ ሲሞቅ ይበልጥ ይነሳል፤ ስንውጥ በጉሮሮ በኩል ይመለሳል፤ ስናገሳም ከሆድ ይወጣል። ያች እህት ወይኑን ጠጣችው ብቻ ሳይሆን ተነፈሰችውም።

ሰውነታችን ሰልፋይትን የማያውቀው ባዕድ ነገር አይደለም። ከምንበላው ፕሮቲን ውስጥ ድኝ አለ፤ ሰውነታችን ያንን ሲፈጭ በየቀኑ ከአንድ ጠርሙስ ወይን ውስጥ ካለው የሚበልጥ ሰልፋይት ራሱ ያመነጫል። ጉበታችን ውስጥ ሰልፋይት ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሰልፋይቱን ሰልፌት ወደሚባል ጉዳት የሌለው ነገር ይለውጠውና በሽንት ይሸኘዋል። ስለዚህ የዋጥነውን ሆዳችንና ጉበታችን ይችሉታል። ችግሩ የሚመጣው በሌላኛው በር፣ በአየር ቧንቧ በኩል ነው።

የአየር ቧንቧችን የውስጥ ግድግዳ እርጥብ ነው። ጋዙ እዚያ ሲደርስ በእርጥበቱ ይሟሟና መልሶ አሲድ ይሆናል። ግድግዳው ሥር የሚያስቆጣ ነገርን የሚያስተውሉ ጥቃቅን የነርቭ ጫፎች አሉ። እነሱ ሲነኩ ቬገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም በዚያው ነርቭ ትእዛዝ ይመልሳል፤ ሳል ይመጣል፣ በቧንቧው ዙሪያ የተጠመጠመው ጡንቻም ይጨመደዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሰከንዶች ነው። አስም የሌለበት ሰው ጡንቻው ትንሽ ጨምደድ ብሎ ይለቃል፤ ምናልባት አንዴ ሳል ቢያደርግ ነው። አስም ያለበት ሰው ቧንቧ ግን አስቀድሞ የቆሰለ፣ ያበጠና በትንሽ ነገር የሚቆጣ ስለሆነ ጡንቻው ሲጨመደድ ጠንክሮ ይይዛል። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ በዚያ በጠበበው ቀዳዳ የሚያልፈው አየር ድምፅ ነው።

መጠኑን እንመልከት። በብዙ አገር አንድ ሊትር ነጭ ወይን ውስጥ 150 ሚሊግራም ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ጣፋጩ ወይን ደግሞ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል፤ ስኳሩ የሰልፋይቱን ከፊል ስለሚይዘው ጠማቂው ይጨምርበታል። አንድ ብርጭቆ የሊትር አንድ ሰባተኛ ያህል ነው ብንል፣ ያች እህት የያዘችው ብርጭቆ ውስጥ 20 ሚሊግራም ገደማ አለ። አሁን ይህን ከአየር ጋር አነጻጽሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው ለ10 ደቂቃ ሊተነፍሰው ከሚችለው አየር ውስጥ የዚህ ጋዝ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ ከግማሽ ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህን ያህል ዝቅ ያደረገውም በተለይ የአስም ሕመምተኞችን አስቦ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ካለው አብዛኛው መጠጡ ውስጥ ይቀራል። ከአፍና ከጉሮሮ የሚነሳው ጥቂት ቢሆንም የሚሰበሰብበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ሳንባም ቅርብ ነው።

ጠላው ለምን እንዳልነካት አሁን ግልጽ ይሆናል። እርሾ ሲቦካ ራሱ ጥቂት ሰልፋይት ያወጣል፤ ቤት የተጠመቀ ጠላ ላይ ግን የሚጨምርበት ሰው የለም። ጠጅም እንዲሁ።

ስለ ስኳር የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ፤ ጥያቄው ትክክል ነው። ወንጂን የመሳሰሉ ስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራውን ጭማቂ ነጭ ለማድረግ ድኝ አቃጥለው ጋዙን በውስጡ ያሳልፋሉ። ከዚያ ጥቂቱ ስኳሩ ላይ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለዚህ ዓይነት ስኳር የሚፈቅደው ጣሪያ በኪሎ 70 ሚሊግራም ነው። ሻያችሁ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ 12 ግራም ያህል ብትጨምሩ፣ ጣሪያው ላይ ቢሆን እንኳ አንድ ሚሊግራም አይሞላም። ወይኑ ብርጭቆ ውስጥ ካለው ከሃያ አንድ እጅ ያነሰ ነው። ሻይ ስትጠጡ ደረታችሁ ከታፈነ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ከምድጃው የሚወጣው የእንጨት ጭስ እጅግ የበለጠ ተጠርጣሪ ነው።

አስም ያለበት ሰው ሁሉ ሰልፋይት ይነሳበታል ማለት አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል የአስም ሕመምተኞች በሐኪም ፊት ተፈትነው ነበር። ከጠቅላላው ሲሰላ ከመቶ 4 ገደማ የሚሆኑት ብቻ ናቸው የተነሳባቸው፤ በየቀኑ የስቴሮይድ ኪኒን የሚያስፈልጋቸው፣ ማለት አስማቸው የከበደባቸው ሰዎች ዘንድ ግን ከመቶ 8 ደረሰ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ሰልፋይት በጥሬው በሚበላ ሰላጣና ፍራፍሬ ላይ እንዳይረጭ ከለከለ። ምግብ ቤቶች ሰላጣው እንዳይጠወልግና እንዳይጠቁር ሰልፋይት በተሟሟበት ውኃ ያርሱት ነበር፤ በዚያ ሰበብ ሰዎች በአስም ጥቃት ሞተዋል። ሰላጣ ሰልፋይቱን እንደ ስኳር አይዘውም፤ አብዛኛው ለመልቀቅ የተዘጋጀ ሆኖ ይቀመጣል። በጥቂት ሰዎች ዘንድ ደግሞ መነሻው ጋዙ ሳይሆን እውነተኛ አለርጂ ነው፤ ቆዳቸው ያብጣል፣ ሽፍታ ይወጣባቸዋል። እነዚህ ብዙ አይደሉም።

ቤንዞዌትስ? እሱም አስም ያስነሳል የሚል ስሞታ ለረጅም ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ሰዎች ምን እንደተሰጣቸው ሳያውቁ በጥንቃቄ ሲፈተኑ ግን ውጤቱ እንደ ሰልፋይቱ ጎልቶ አልታየም፤ የተነሳባቸው ጥቂት ናቸው፣ እነሱም ሁልጊዜ አይደለም። ጋዝ ሆኖ ወደ ሳንባ አለመግባቱ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ለስላሳ መጠጣችሁ ላይ ሶዲየም ቤንዞዌት የሚል ስላነበባችሁ ብቻ አትደንግጡ።

ታዲያ የሰልፋይት ጉዳይ የእናንተ መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ትልቁ ምልክት ጊዜው ነው። ሰልፋይት ሲነሳ የሚነሳው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ቢዘገይ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ማታ ወይን ጠጥታችሁ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢያፍናችሁ ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን አይቀርም፤ የሌሊት ብርድ፣ የአልጋ አቧራ ወይም ራሱ በደንብ ያልተያዘ አስም። ሁለተኛው ምልክት መደጋገሙ ነው። ያች እህት የተቀመጠችበት ዳስ ውስጥ ዕጣን ነበር፣ ከሰል ነበር፣ ብርድም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቢሆን የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዕጣንና ከሰል በሌለበት ቀን፣ በሌላ ቤት፣ ያው ነጭ ወይን ወይም የደረቀ አፕሪኮት በቀረበ ቁጥር ከተነሳባት ግን ጥርጣሬው ይጠነክራል። ስለዚህ ደብተር ያዙ። ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ አፈናችሁ፣ አካባቢው ላይ ምን ጭስ ነበር፤ ይህን ጻፉና ለሐኪም አሳዩ። ቆዳ ላይ ተወግቶ የሚታወቅ አስተማማኝ ምርመራ የለም። መለየት የሚቻለው ሐኪም ትንፋሽን በመሣሪያ እየለካ፣ ከጥቂት ጀምሮ እየጨመረ በሚሰጥ ፈተና ነው። እለምናችኋለሁ፣ ይህን ቤት ውስጥ «እስቲ ልሞክር» ብላችሁ አትሞክሩት።

ከተረጋገጠ በኋላ ሥራው መለያ ማንበብ ነው። እንግሊዝኛ ለማታነቡ አድማጮቻችን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ሦስት ጥርስ ያለው ማበጠሪያ የሚመስል የፈረንጅ ፊደል አለ፤ «ኢ» ይባላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። ከ220 እስከ 228 ያለው የሰልፋይት ቤተሰብ ነው። ከ210 እስከ 213 ያለው የቤንዞዌት ነው። ፊደሉ ተትቶ ቁጥሩ ብቻ ሊጻፍም ይችላል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት አንድ ኪሎ ውስጥ 10 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሰልፋይት ያለው የታሸገ ምግብ ይህን መግለጽ አለበት። ከወይን ሌላ መመልከት ያለባችሁ የደረቀ ፍራፍሬ፣ በጠርሙስ የሚሸጥ የሎሚ ጭማቂ፣ ውኃ ተጨምሮበት የሚጠጣ ወፍራም ጁስና አንዳንድ ብስኩት ነው። ብስኩት ውስጥ የሚጨመረው ሊጡን ለማለስለስ ነው፤ ሲጋገርም ብዙው ይጠፋል። የሎሚው ጭማቂ ላይ ግን ጠበቅ እላለሁ፤ ኮምጣጣውም ሰልፋይቱም በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው። ገበያ ላይ ትኩስ ሎሚ ካለ እሱን ጭመቁ። መለያ በማይታይበት ቦታ፣ በብርጭቆ ተቀድቶ ሲቀርብ፣ ጠርሙሱን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አስሙ ራሱ በደንብ ከተያዘ ሰልፋይት የሚነሳበት ዕድል ይቀንሳል። ሐኪም በየቀኑ የሚሳብ የስቴሮይድ መድኃኒት ካዘዘላችሁ፣ ደህና ስትሆኑም አታቋርጡ፤ የቧንቧውን ቁስል የሚያሽረው እሱ ነው። የሳልቡታሞል ፓፍ የጠበበውን ይከፍታል እንጂ ቁስሉን አይነካውም።

ድንገት ከተነሳ ግን ብርጭቆውን አስቀምጡ፣ ሰውየውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ አታስተኙት። ሳልቡታሞሉን አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ መሃል እየተነፈሰ፣ ከ4 ጀምሮ እስከ 10 ጊዜ ይሳብ። በቀጥታ መሳብ ካቃተው የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ቂጡ ላይ የፓፉን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ቁረጡና ፓፉን ጥብቅ አድርጋችሁ ሰኩበት፤ ሰውየው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይተንፍስ። ይህ የድሃ መላ ብቻ አይደለም፤ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ እንደ ፋብሪካው ዕቃ መሥራቱ ታይቷል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት፤ ጊዜም አታባክኑ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ መጀመሪያውኑ መንገድ ጀምሩ፤ መድኃኒቱን እየሄዳችሁ ስጡት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰልፋይት መድኃኒት ውስጥም አለ። አድሬናሊን መርፌ እንዳይበላሽ ጥቂት ሜታባይሰልፋይት ይጨመርበታል፤ የጥርስ ማደንዘዣም አድሬናሊን ካለበት እንዲሁ። ጥርስ ልትነቀሉ ስትሄዱ ሰልፋይት እንደሚነሳባችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አድሬናሊን የሌለበት ማደንዘዣ አለ። ሰውነቱ ባንድ ጊዜ በአለርጂ ተነስቶ ሊሞት ለደረሰ ሰው ሐኪሙ አድሬናሊን ሊወጋው ሲል ግን «ሰልፋይት አለበት» ብላችሁ እጁን አትያዙት። እዚያች ሲሪንጅ ውስጥ ያለው ሰልፋይት ከአንድ ሚሊግራም አካባቢ አያልፍም፣ ጋዝ ሆኖም ወደ ሳንባ አይሄድም፤ አድሬናሊኑ ደግሞ በዚያች ሰዓት የጠበበውን ቧንቧ የሚከፍተው ዋናው መድኃኒት ነው።